ፊደል የቀለለ ሥዕል አይደለም፦ የምላሽ ጽሑፍ

«ፊደል የተወለደው ከሥዕል ነው። የጥንት ሰው በሬ ማለት ሲፈልግ በሬ ሣለ፣ ቤት ማለት ሲፈልግ ቤት ሣለ። ሥዕሉ በዘመን ብዛት እየቀለለ መጣና ፊደል ሆነ።»

ይህ ስለ ፊደል አመጣጥ ከተጻፈ አንድ ጽሑፍ የተወሰደ ነው። የጽሑፉ ጸሐፊ የነኩት ጉዳይ ለዓመታት ስከታተለው የኖርኩት ነው። ዝም ብዬ ማለፍ ያቃተኝም ለዚሁ ነው። አራት ነጥብ አንስተዋል፤ ቃላቸውን እየጠቀስኩ በተራ እመለስባቸዋለሁ።

ሥዕል የቱንም ያህል ቢቀልል ፊደል አይሆንም፤ የቀለለ ሥዕል ነው የሚሆነው። የቻይናን ጽሕፈት ተመልከቱ። ከ3,000 ዓመት በላይ ሲቀልል ኖሯል። ዛሬ ያለው የፈረስ ምልክት ፈረስ መምሰሉን ከተወ ቆይቷል። ሆኖም ምልክቱ ድምፅን ብቻ የሚወክልበት ፊደል አልሆነም። የሜሶፖታሚያው ጽሕፈትም እንደዚሁ ነው። በሸክላ ላይ በመቃ ጫፍ ይጻፍ ስለነበር ሥዕሉ ቶሎ ጠፍቶ የሽብልቅ ክምር ብቻ ቀረ። የባቢሎን ተማሪ ግን እስከ መጨረሻው በመቶ የሚቆጠሩ ምልክቶችን መሸምደድ ነበረበት።

ፊደልን የወለደው ሌላ ነገር ነው። አንድ ሰው ሥዕሉን ያዘና ትርጉሙን ጣለው። ከስሙም የመጀመሪያውን ድምፅ ብቻ አስቀረ። ቤት ይሥላል፤ ቤት ማለቱ ግን አይደለም፤ «በ» ማለቱ ነው። ዓይን ይሥላል፤ «ዐ» ማለቱ ነው። ይህ ቀስ በቀስ የሚመጣ ነገር አይደለም። ወይ ይታሰባል ወይ አይታሰብም።

በምሳሌ ላሳይ። በሲና ምድረ በዳ ሰራቢት አል ኻዲም የሚባል ተራራማ ቦታ አለ። ግብፆች ቱርኩዋዝ የሚባለውን ሰማያዊ አረንጓዴ ድንጋይ የሚያወጡበት ማዕድን ነበር። አጠገቡም ሐቶር ለተባለችው አምላክ የተሠራ ቤተ መቅደስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1905 እንግሊዛዊው አርኪዮሎጂስት ፍሊንደርስ ፔትሪ እዚያ ሲቆፍር በድንጋይ ላይ የተጫሩ ምልክቶች አገኘ። የግብፅ ሥዕሎችን ይመስላሉ፤ በግብፅኛ ግን አይነበቡም። ዓይነታቸው ደግሞ በጣም ጥቂት ነው። ይህ ትልቅ ፍንጭ ነው። ምልክቶቹ መቶዎች ከሆኑ ቃል ነው የሚጻፈው። ሠላሳ ገደማ ከሆኑ ድምፅ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1916 አለን ጋርዲነር የተባለ የግብፅኛ ሊቅ አንድ ነገር አስተዋለ። በተለያዩ ድንጋዮች ላይ አንድ ዓይነት ምልክቶች በአንድ ዓይነት ተራ ይደጋገማሉ። ቤት፣ ዓይን፣ ጫፉ የተቆለመመ የመንጃ በትር፣ መስቀል የመሰለ ምልክት። ጋርዲነር የእያንዳንዱን ሴማዊ ስም የመጀመሪያ ድምፅ ወሰደ። ከቤት «በ»፣ ከዓይን «ዐ»፣ ከበትሩ «ለ»፣ ከመስቀሉ «ተ»። በዐለተ ሆነ። በዓልት። ትርጉሙ «እመቤት» ነው። ከፊቱ ሌላ በትር ሲመጣ ደግሞ «ለበዓልት» ይሆናል፤ ለእመቤቲቱ ማለት ነው። የቤተ መቅደሱ አምላክ ሐቶር በግብፅኛም የቱርኩዋዝ እመቤት ነበር የምትባለው። ዛሬ በብሪቲሽ ሙዚየም ያለች አንዲት ትንሽ የስፊንክስ ሐውልት ነገሩን ታጠናክራለች። ትከሻዋ ላይ በግብፅ ሥዕላዊ ጽሕፈት የሐቶር ስም አለ። መቆሚያዋ ላይ ደግሞ በአዲሱ ጽሕፈት ያው በዓልት አለች።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ መጀመሪያ ሳነበው ወንበሬ ላይ አላስቀመጠኝም። ግዕዝ የሚያውቅ ሰው ይህን ቃል ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል። በግዕዝ በዓል ባለቤት፣ ጌታ ነው፤ በዓልት ሴቷ ናት። «ለ»ም ያው «ለ» ነው። አማርኛችንም ቢሆን «ባል» እና «ባለቤት» ስንል ይህንኑ ቃል ነው የምንጠራው። ከ3,500 ዓመት በፊት የማዕድን ጉድጓድ አጠገብ የተጫረ ጽሑፍ ነው እንግዲህ።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጸሐፊው የዛሬውን ፊደል ቅርጽ እያዩ ሥዕል ይፈልጉለታል። ይህ መንገድ ያሳስታል። ሁለት ቅርጾች ስለተመሳሰሉ ብቻ ዘመድ አይሆኑም። ወደ ኋላ ደረጃ በደረጃ መሄድ ያስፈልጋል፦ ከብራና ወደ አክሱም ድንጋይ፣ ከዚያ ወደ ደቡብ ዓረቢያ ጽሑፍ፣ ከዚያ ወደ ሲና። በየደረጃው ድምፁ ካልተለወጠ ዝምድናው እውነት ነው። «ዐ» ይህን ፈተና ያልፋል። በሲና ዓይን፣ በደቡብ ዓረቢያ ክብ፣ በእኛም ክብ፤ ስሙም እስከ ዛሬ ዓይን ነው። «ሀ» ግን ዛሬ ሲያዩት ጽዋ ይመስላል። ወደ ኋላ ሲኬድ እግር ያለው ሆኖ ይገኛል፤ በሲና ደግሞ እጁን ያነሣ ሰው ነው። ጽዋው ላይ ተመሥርቶ የተጻፈ ትርጓሜ ሁሉ እዚያው ይወድቃል።

«ይህን ታላቅ ፈጠራ ያበረከቱት የግብፅ ካህናትና የቤተ መንግሥት ጸሐፍት ናቸው።»

ከግብፅ ሥዕሎች መነሣቱ እውነት ነው። የግብፅ ጸሐፍት ግን ለአንድ ተነባቢ አንድ ምልክት የሚሆኑ 24 ያህል ምልክቶች ነበሯቸው። ከ1,000 ዓመት በላይ በእጃቸው ላይ ነበሩ። ቢፈልጉ ሌላውን ሁሉ ትተው በእነዚያ ብቻ መጻፍ ይችሉ ነበር። አልፈለጉም። ለምን ይፈልጋሉ? ያላቸው ጽሕፈት ይሠራል። ለመማር ዓመታት ይፈጃል፤ የተማረ ደግሞ እንጀራውም ክብሩም ከዚያ ነው።

ታዲያ ማን ነው? በሲና ከግብፆች ጋር የሚሠሩ ከከነዓን የመጡ ሴማውያን ነበሩ። ኦርሊ ጎልድዋሰር የተባሉት የግብፅኛ ምሁር ፈጣሪዎቹ የግብፅን ጽሕፈት ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ናቸው ብለው ይሟገታሉ። ማስረጃቸው ደስ ይለኛል፤ ከስሕተት የተነሣ ስለሆነ። በግብፅ ጽሕፈት ሁለት የታወቁ እባቦች አሉ። ቀንድ ያለው እባብ «ፈ» ነው። ኮብራው ደግሞ ወደ «ጀ» የሚጠጋ ድምፅ አለው። ማንበብ የሚችል ሰው ሁለቱን በፍጹም አያምታታም። በሲና ድንጋዮች ላይ ግን ቀንዳሙም ኮብራውም አንድ ናቸው፤ ሁለቱም «ነ»። የጻፈው ሰው ያየው እባብ ነው እንጂ ፊደል አይደለም። አቅጣጫም አይጠነቀቅም። አንዳንዱ ጽሑፍ ወደ ታች ይወርዳል፣ አንዳንዱ ወደ ጎን ይሄዳል፣ የአንዱ ፊደል መጠንም ከጎረቤቱ አይገጥምም። የሠለጠነ ጸሐፊ እጅ እንዲህ አይደለም።

ሁሉም ምሁር በዚህ አይስማማም። በላይኛው ግብፅ ዋዲ አል ሆል በሚባል የበረሃ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ሌሎች ሁለት ጥንታዊ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ያገኟቸው ጆንና ዲቦራ ዳርኔል የውጭ ተወላጅ ወታደሮችና የጦሩ ጸሐፍት እጅ እንዳለበት ይገምታሉ። በዚያም ቢሆን የጦር ሰፈር ነው የምናገኘው። ከካህናት ወገን የሚያስቆጥር ማስረጃ የለም።

«የእኛ ሀ ለ ሐ መ ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። ከማንም አልተወረሰም፤ ተራውም የራሳችን ብቻ ነው።»

ይህን ያሉት ከፍቅር መሆኑ ይገባኛል። እኔም ፊደል የቆጠርኩት በስንደዶ እየጠቆምኩ ነው። አያቴ ጎን ተቀምጬ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ስል የዓለም መጀመሪያ እዚያ ገበታ ላይ ያለ ይመስለኝ ነበር። እውነተኛው ታሪክ ግን ከዚህም ይበልጣል።

እ.ኤ.አ. በ1933 ከኢየሩሳሌም በስተ ምዕራብ ቤት ሳሚስ በተባለው ጥንታዊ ከተማ አንዲት የሸክላ ጽላት ተቆፍራ ወጣች። በሽብልቅ ቅርጽ የተጻፉ ፊደላት አሉባት። ፊደላቱ ያኔ ገና በታወቀችው በሰሜን ሶርያዋ ኡጋሪት የሚጻፍባቸው ዓይነት ናቸው። ተራቸው ግን ለማንም አልገባ አለ። አሌፍ ቤት ጊሜል ብሎ የሚጀምረው የታወቀው ተራ አይደለም። እንቆቅልሹ ከ50 ዓመት በላይ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1987 ሉንዲን የተባለ የሶቪየት ምሁር ቁልፉን አገኘው። ጽላቷ የምትጀምረው ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ ብላ ነው። በቀጣዩ ዓመት ከራሷ ከኡጋሪት በዚሁ ተራ የተጻፈ ሌላ ጽላት ተገኘ።

ኡጋሪት የጠፋችው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1185 ገደማ ነው። እንግዲህ አያቴ ያስቆጠሩኝ ተራ ቢያንስ የ3,200 ዓመት ዕድሜ አለው። ተራው ወደ ደቡብ ዓረቢያ ወረደ፤ የሳባ ሰዎች ሙስናድ በሚባለው ጽሕፈታቸው ያዙት። ከዚያ ቀይ ባሕርን ተሻገረ። ይሓ ላይ ዛሬም በሙስናድ የተጻፉ ድንጋዮች አሉ። የሙስናድንና የእኛን ተራ ጎን ለጎን ስታስቀምጡ መጀመሪያ ያሉት አራቱ ይገጥማሉ፤ ከዚያ በኋላ የእኛው በራሱ መንገድ ተሰበጣጥሯል።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በኡጋሪት ሁለቱም ተራ ይታወቅ ነበር፤ ሀለሐመም አሌፍ ቤትም። የእኛ የቄስ ተማሪስ? መጀመሪያ ሀሁ ይቆጥራል። ቀጥሎ አቡጊዳ ይገባል፦ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። አናባቢውን ትታችሁ ተነባቢውን ብቻ ስሙት፦ አ፣ በ፣ ገ፣ ደ። አሌፍ፣ ቤት፣ ጊሜል፣ ዳሌት ነው። ሁለቱም ጥንታዊ ተራዎች በአንድ ልጅ አፍ ላይ ይገኛሉ። ይህ ሌላ የት አለ?

የራሳችን የሆነውስ? አለ፤ ትልቅም ነው። ሙስናድ አናባቢ አይጽፍም፤ የጥንቱ ግዕዝም አይጽፍም ነበር። ነ፣ ገ፣ ሠ ብቻ ተጽፎ ሲገኝ «ነግሠ» ይሁን «ንጉሥ» አንባቢው ከዐውዱ ነው የሚያውቀው። አክሱም ላይ የንጉሥ ዒዛናን ድንጋዮች ያየ ሰው ለውጡን በዓይኑ ያየዋል። በሦስት ጽሕፈት በተጻፈው ድንጋይ ላይ ያለው ግዕዝ አናባቢ የለውም። በዚያው ንጉሥ ዘመን በተጻፉ ሌሎች ጽሑፎች ላይ ግን አናባቢው ገብቷል። 4ኛው መቶ ዓመት ላይ ነን።

አሠራሩን በ«በ» እንየው። ቀኝ ወገቡ ላይ ጭረት ሲወጣ ቡ ነው። ጭረቷ ወደ ቀኝ እግሩ ጫፍ ስትወርድ ቢ ይሆናል። ግራ እግሩ ሲያጥር ባ፣ ቀኝ እግሩ ጫፍ ላይ ቀለበት ሲገባ ቤ፣ ቀኝ እግሩ ሲያጥር ቦ። ፊደሉ ራሱ አልተነካም፤ አካሉ ላይ ምልክት ተጨመረበት እንጂ። ግሪኮች ይህን ችግር በሌላ መንገድ ነው የፈቱት። የማይጠሩትን የሴማውያን የጉሮሮ ድምፅ ፊደል ወስደው አናባቢ አደረጉት። አሌፍ «አ» ሆነች፣ ዓይን «ኦ» ሆነች። የላቲኑ ክብ «ኦ» ያቺው የሲና ዓይን ናት፤ የእኛ «ዐ» እኅት ማለት ነው።

«የጠፉት ጽሕፈቶች የጠፉት ከባድ ስለነበሩ ነው። ቀላሉ ከባዱን አሸንፎ ቀረ።»

በአራቱ ውስጥ በጣም የተሳሳተው ይህ ነው። የኡጋሪት ፊደል 30 ምልክት ብቻ ነበረው። ከተማዋ ስትቃጠል አብሮ ጠፋ። በአጠገቡ መቶዎች ምልክት ያሉት ከባዱ የባቢሎን ጽሕፈት ግን ከዚያ በኋላ ከ1,200 ዓመት በላይ ኖረ። ቻይና ዛሬም በሺዎች በሚቆጠሩ ምልክቶች ትጽፋለች፤ ልጆቿም ጋዜጣ ያነባሉ።

ቁልፉ ይህ ይመስለኛል፦ ዘመን ሲለወጥ፣ ሰው ግድ ማንበብ ያለበት አዲሱ መጽሐፍ በየትኛው ፊደል ይጻፋል? በነባሩ ከተጻፈ ፊደሉ ይኖራል። በሌላ ከተጻፈ ይሞታል።

ግብፅን እንይ። ቀኑ የታወቀው የመጨረሻው ሥዕላዊ ጽሑፍ በፊሌ ደሴት ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 24 ቀን 394 የተጻፈው ነው። በዚያ ጊዜ ሕዝቡ አልጠፋም፤ ቋንቋውም ይነገራል። ግን ክርስትና ገብቷል፤ መጽሐፍ ቅዱሱ በግብፅኛ ሲተረጎም የተጻፈው በግሪክ ፊደል ነው። አሮጌውን ጽሕፈት የሚያስተምሩት የጣዖቱ ካህናት ብቻ ቀሩ። እነሱ ሲያልቁ ጽሕፈቱም አለቀ፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን እ.ኤ.አ. በ1822 እስኪፈታው ድረስ የሚያነበው አልነበረም። ግሪክኛ ለማይጠራቸው ድምፆች ግን ቅብጦች ጥቂት ምልክቶችን ከአሮጌው አስቀርተዋል። አንዷ የ«ፈ» ፊደላቸው ናት። ያቺ ቀንዳም እባብ ዛሬም በቅብጥ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ላይ አለች።

አሁን ወደ ሁለቱ እኅትማማቾች ልምጣ፤ ሙስናድና ግዕዝ። ሙስናድ 29 ፊደል ነበረው። ቅርጹ እንደ ሕንጻ ያምራል። የነገሥታት ድንጋይ ላይ ብቻ ነበር እንዳይባል፣ የመን ውስጥ በዘንባባ ዘንግና በእንጨት ላይ የተጻፉ በሺዎች የሚቆጠሩ ጽሑፎች ተገኝተዋል። ደብዳቤ፣ ውል፣ የዕዳ ወረቀት ነው። የዕለት ኑሮ ጉዳይም ይጻፍበት ነበር ማለት ነው። ከዚህ የበለጠ ቀላልና የተለመደ ጽሕፈት አይገኝም። ሆኖም የየመኑ የሒምያር መንግሥት በ6ኛው መቶ ዓመት ተዳከመ፤ የድንጋይ ጽሑፉም በዚያው መቶ ዓመት ተቋረጠ። በ7ኛው እስልምና መጣ። ግድ መነበብ ያለበት መጽሐፍ ቁርኣን ሆነ፤ ቁርኣን ደግሞ በዓረብኛ ፊደል ነው። የየመን ልጅ አዲሱን ፊደል ተማረ። ሙስናድን የገደለው ጦር የለም፤ የሚያስተምርበት ምክንያት ነው የጠፋው።

ከባሕሩ ወዲህ የሆነው ተቃራኒው ነው። ክርስትና አክሱም ሲገባ መጽሐፉ ወደ ግዕዝ ተተረጎመ፤ የተጻፈውም አገሩ በሚያውቀው ፊደል ነው። ግሪክኛ በቤተ መንግሥቱ ይነገር ነበር፤ ሳንቲሙም ላይ ነበር። የግብፅ መንገድ ለአክሱምም ክፍት ነበር። አልሄዱበትም። ከግሪክኛ ለመጡ ስሞች ጰ እና ፐን ጨመሩ፤ ቁጥሩን ከግሪክ ወሰዱ፤ ፊደሉን ግን ያዙ። ከዚያ የፈለገው ቢመጣ ዳዊት የሚደግም ሁሉ ፊደል መቁጠር ነበረበት።

ግዕዝ ከዕለት ተዕለት ንግግር ወጥቶም ፊደሉ አልሞተም። አማርኛ መጻፍ ሲጀምር፣ በ14ኛው መቶ ዓመት ለንጉሥ ዐምደ ጽዮን የተገጠሙት ግጥሞች ላይ እንደምናየው፣ ግዕዝ የሌለው ድምፅ ሞልቶ ነበር። ሌላ ፊደል አልተፈለገም። ሰ ላይ ምልክት ተደረገና ሸ ሆነ፤ ከተ ቸ፣ ከነ ኘ፣ ከደ ጀ፣ ከጠ ጨ። ሥራው ዛሬም አልቆመም። በቅርቡ ዘመን ከውጭ ለመጣው ድምፅ በ ላይ አንድ ሰረዝ ተደርጎ ቨ ተጨመረ። ለኤምባሲ ማመልከቻችን ላይ «ቪዛ» ብለን ስንጽፍ የመጀመሪያዋ ፊደል ያቺው በሲና ድንጋይ ላይ የተጫረችው ቤት ናት፤ ጣሪያዋ ላይ አንድ ሰረዝ ተጨምሮባት።